የላይኛው በታችኛው ልክ

አንዲት ሴት ፎቶ ቤት ገብታ በነጭ መጋረጃ ፊት ተነሳች እንበል። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ጸጉሯን አፍሮ አበጥራለች። መጋረጃው ጠፍቶ በምትኩ የምሽት የአትክልት ቦታ እንዲገባላት ትፈልጋለች። ባለሙያው ፎቶሾፕ ከፍቶ እሷን ከመጋረጃው ይቆርጣል፤ የአትክልቱን ፎቶም ከሥር ያስገባል። አሁን ሥራው ሁለት ሌየር አለው፤ ከላይ ሴትየዋ፣ ከታች አትክልቱ። ነገር ግን እሷ የተነሳችው በስቱዲዮ መብራት ስለሆነ ከምሽቱ ጋር አልሄደችም። ፊቷም ልብሷም ከበስተኋላዋ ይልቅ በጣም ፈክቷል። ባለሙያው ብርሃኗን ለመቀነስ «Curves» የተባለውን ማስተካከያ ከላይ ጨምሮ መስመሩን ወደ ታች ሲጎትተው ሴትየዋ ጠቆረች። አትክልቱም አብሮ ጠቆረ።

እንዲህ የሆነው አድጀስትመንት ሌየር የሚባለው ነገር በተፈጥሮው ከሥሩ ያለውን ሁሉ ስለሚነካ ነው። ከሥሩ ሁለት ሌየር ካለ ሁለቱን፣ ሃያ ካለ ሃያውን ያጠቁራል። ባለሙያው የሚፈልገው ግን ማስተካከያው በሴትየዋ ልክ ተቆርጦ እንዲቀር፣ ከእሷ ጠርዝ እንዳያልፍ ነው። ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ክሊፒንግ ማስክ ይባላል። አንዱ ሌየር ከሥሩ ያለው ሌየር ፒክሰል ባለበት ቦታ ብቻ እንዲታይ ያደርጋል።

አሠራሩ አጭር ነው። የላይኛውን ሌየር መርጦ በዊንዶውስ Alt+Ctrl+G፣ በማክ ደግሞ Option+Command+G መጫን ነው። በሌየሮች ሰሌዳ ላይ Alt ይዞ በሁለቱ ሌየሮች መካከል ያለችውን መስመር ጠቅ ማድረግም ያው ነው። ሲሳካ የላይኛው ሌየር ትንሽ ወደ ቀኝ ገባ ይላል፤ ከጎኑ ወደ ታች የታጠፈች ቀስት ትወጣለታለች፤ የታችኛው ሌየር ስም ደግሞ ይሰመርበታል። ያንኑ ቁልፍ ደግሞ መጫን ይፈታዋል። የጠፋ ነገር የለም፤ ከሴትየዋ ውጪ ያለው የላይኛው ሌየር ክፍል ተደበቀ እንጂ አልተሰረዘም።

ነገሩ ከጥልፍ ጋር ይመሳሰላል፤ ክሩ የሚቆመው ጨርቅ ባለበት ብቻ ነው። ጥለፍ የተባለው ሰው ከጨርቁ ጠርዝ አልፎ መርፌውን ቢወጋ የሚይዘው ነገር የለም። የታችኛው ሌየር ጨርቁ ነው። ቅርጹን የሚሰጠው እሱ ነው፤ የላይኛው የሚያመጣው ቀለሙን ወይም ለውጡን ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሥራው የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ግን ጠርዙ ላይ ነው፤ ጠርዙን ለመረዳት ደግሞ ፒክሰል ውስጥ ያለውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ተቆርጦ በወጣ ምስል ውስጥ እያንዳንዱ ፒክሰል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ መጠኑ በተጨማሪ አንድ አራተኛ ቁጥር ይይዛል። አልፋ ይባላል። ፒክሰሉ ምን ያህል ድፍን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። መቶ በመቶ ከሆነ ከኋላው ያለው አይታይም፤ ዜሮ ከሆነ ፒክሰሉ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሃምሳ ከሆነ ግማሹ የራሱ ቀለም፣ ግማሹ የኋላው ነው። የሴትየዋ ግንባር መቶ ነው። የጸጉሯ ጫፍ ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ቀጭን ጸጉር የፒክሰሉን ግማሽ ብቻ ሊሸፍን ይችላል፤ ስለዚህ አልፋው ሃምሳ፣ ሰላሳ፣ አሥር እያለ ይወርዳል።

ክሊፒንግ ማስክ የሚሠራው በዚህ ቁጥር ነው። የላይኛው ሌየር አልፋ በታችኛው አልፋ ይባዛል። የታችኛው መቶ በሆነበት የላይኛው ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ሃምሳ በሆነበት በግማሹ ይታያል፤ ዜሮ በሆነበት ጨርሶ አይታይም። ከላይ ምንም ያህል ቀለም ቢቀባ የጠቅላላው ቅርጽ አልፋ ከታችኛው አይበልጥም፣ አያንስምም። ጠርዙ እንደለሰለሰ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ስሌት ከፎቶሾፕ ይበልጣል በዕድሜ። ኤድ ካትመልና አልቪ ሬይ ስሚዝ አልፋን ከቀለሞቹ ጋር አብሮ የማስቀመጥን ሐሳብ ያመጡት በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ሲሠሩ ነው። በ1984 ደግሞ በሉካስፊልም ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ሁለት ምስል የሚደራረብባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ለይተው በጽሑፍ አወጡ። ከዘረዘሯቸው መንገዶች አንዱን «atop» ብለውታል፤ ላይኛው የታችኛውን ቅርጽ ሳይለውጥ በላዩ ብቻ የሚያርፍበት ነው። ዛሬ ባለሙያው በሦስት ቁልፍ የሚጠራው ስሌት ይኸው ነው። አራቱ ሰዎች ለዲጂታል ምስል ማቀናበር ላበረከቱት ሥራ በ1996 ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የሳይንስና የምህንድስና ሽልማት ተቀብለዋል።

አሁን ወደ ሴትየዋ ጸጉር እንመለስ። ጠርዙን በቅርብ አጉልተን ስናየው በጸጉሯ ዙሪያ ነጣ ያለ መስመር አለ። ፎቶ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ይህን መስመር ያውቀዋል፤ ሰውየው «ተለጥፎ» የሚመስለው በእሱ ነው። ከየት መጣ? በብርሃን መጠን ከ0 እስከ 255 ብንለካ የጸጉሯ ቀለም 40 ነው እንበል፤ የነጩ መጋረጃ 240። ጸጉሩ ግማሹን በሸፈነበት ፒክሰል ካሜራው የመዘገበው የሁለቱን አማካይ፣ 140ን ነው። ባለሙያው ሲቆርጥ ለዚያ ፒክሰል ሃምሳ በመቶ አልፋ ሰጠው፤ ትክክል ነው፤ ቀለሙ ግን 140 እንደሆነ ቀረ። መጋረጃው ወጣ ሲባል ግማሽ ነጭነቱ ጸጉሩ ውስጥ ተደብቆ አብሮ መጣ።

የምሽቱ አትክልት 30 ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦

```
0.5 × 140 + 0.5 × 30 = 85
```

በአንድ በኩል 40 የሆነ ጸጉር፣ በሌላ በኩል 30 የሆነ ጨለማ፣ በመካከላቸው 85 የሆነ መስመር። ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ብዙ ጀማሪ ይህን ሲያይ ጠርዙን በመሰረዣ ይልሰዋል። መስመሩ ይጠፋል፤ ቀጫጭኖቹ ጸጉሮችም አብረው ይጠፋሉ፤ አፍሮው እንደ ባርኔጣ ክብ ሆኖ ይቀራል።

የተሻለው መንገድ አልፋውን ሳይነኩ ቀለሙን ብቻ መቀየር ነው፤ ክሊፒንግ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ከሴትየዋ ሌየር በላይ ባዶ ሌየር ይጨመርና ለእሷ ክሊፕ ይደረጋል። ብራሽ ተይዞ Alt ሲጫን ቀለም መውሰጃው ይመጣል፤ በእሱ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው እውነተኛ የጸጉር ቀለም፣ ማለትም 40 ይወሰዳል። ከዚያ ለስላሳ ጠርዝ ባለው ብራሽ በጸጉሩ ዳር ዳር ይቀባል። ብራሹ ወደ አትክልቱ ቢያልፍም ግድ የለም፤ እዚያ የታችኛው አልፋ ዜሮ ስለሆነ ምንም አይታይም። ግማሽ በሆነው ፒክሰል ላይ ግን 140ው በ40 ይተካል፦

```
0.5 × 40 + 0.5 × 30 = 35
```

35 በ40ና በ30 መካከል ነው። መስመሩ ጠፋ፤ ጸጉሩ ግን እያንዳንዱ ጫፍ እንዳለ ነው። ያንኑ ቀለም ክሊፕ ሳይደረግ ቢቀባ ፒክሰሉ ሙሉ 40 ይሆን ነበር፤ ጸጉሩ ይወፍራል፣ ብራሹም አትክልቱ ላይ ጥቁር ጥላሸት ይጥላል።

አንድ ማሻሻያ አለ። ብራሹ በተለመደው ሁኔታ ሲቀባ የጸጉሩን ጥቅልል፣ ጥቁርና ፈካ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀለም ይደፍነዋል። የሌየሩ ብሌንድ ሞድ «Darken» ከተደረገ ከተቀባው ቀለም የፈካው ብቻ ይለወጣል። 140 የነበረው 40 ይሆናል፤ 25 የነበረው እንደ ጠቆረ 25 ይቀራል። ወደ ውስጥ ብዙ መግባት ግን አያስፈልግም፤ ከሄደበት መብራት የነካውን የጸጉር ክፍልም ያጠቁረዋልና።

ጠርዙ ሲስተካከል ወደ ጀመርንበት ወደ «Curves» መመለስ ይቻላል። እሱም ክሊፕ ይደረጋል፤ ጥያቄው ከቀለሙ ሌየር በላይ ነው ወይስ በታች የሚቀመጠው ነው። ክሊፕ የተደረጉ ሌየሮች ቅደም ተከተላቸውን እንደጠበቁ ከታች ወደ ላይ ይሠራሉ። «Curves» ከቀለሙ በታች ከሆነ ጸጉሩን ከ40 ወደ 28 ያወርዳል፤ ከላዩ የተቀባው 40 ግን ሳይነካ ይቀራል። የተሸነፈው ጠርዝ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ቀለሙ ከታች፣ «Curves» ከላይ ይሁን፤ ሁለቱም እኩል ይወርዳሉ። ይህ ከተደረገ በኋላ ቀለም ለመጨመር የሚመለስ ሰው ደግሞ የቀለም መውሰጃውን ልብ ይበል። «All Layers» ላይ ከሆነ የሚወስደው የጠቆረውን 28 ነው፤ ሲቀባው «Curves» እንደገና ያጠቁረዋል። «Current & Below» ሲባል ግን ከላይ ያለው ማስተካከያ ስለማይቆጠር ትክክለኛው 40 ይወሰዳል።

ነጠላው ሌላ ነገር ያሳያል። ስስ ስለሆነ ባለሙያው ሲቆርጠው ስልሳ በመቶ አልፋ ሰጥቶታል፤ አትክልቱ በመጠኑ በውስጡ ይታያል። ከአትክልቱ መብራት የሚመጣውን ሞቅ ያለ ቀለም ለማምጣት ብርቱካናማ የተቀባ ሌየር ክሊፕ ቢደረግ ቀሚሱ ላይ ሙሉ፣ ነጠላው ላይ ስልሳ በመቶ ሆኖ ያርፋል። ማንም ሳይነግረው ስስነቱን ያከብራል። የእያንዳንዱን ክፍል ብርታት በእጅ ማስተካከል አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚመጣው የመሬት ጥላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ከእግሯ ሥር ጥላ ለመሣል አዲስ ሌየር ይከፍታል። የተመረጠው ሌየር ክሊፕ ከተደረጉት መካከል ስለነበር አዲሱ በመካከላቸው ከገባ ክሊፕ ሆኖ ይወለዳል። ብራሹ መሬቱ ላይ ሲሄድ ምንም አይታይም፤ ሰውየው ብራሹ የተበላሸ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ጥላ የሚያርፈው ከሴትየዋ ውጪ ነው፤ ከእሷ ውጪ ደግሞ አልፋው ዜሮ ነው። የጥላው ቦታ ከእሷ ሌየር በታች፣ ከአትክልቱ በላይ ነው፤ ክሊፕም አይደረግም። የተቀባ ነገር በማይታይበት ጊዜ ሁሉ መጀመሪያ የታጠፈችውን ቀስት መፈለግ ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

የሰንሰለቱ ሁኔታም መታወቅ አለበት። ክሊፕ የተደረጉት ሌየሮች ምንም ያህል ቢበዙ ተከታትለው መቀመጥ አለባቸው፤ መሠረታቸውም አንድ ነው፣ ከሁሉም ሥር ያለው። ስለዚህ የመሠረቱ ዓይን ሲጠፋ ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። የመሠረቱ ኦፓሲቲ ሲቀነስ ሁሉም ይሳሳሉ። ብሌንድ ሞዱ «Multiply» ቢደረግም ቡድኑ በሙሉ እንደ አንድ ምስል ሆኖ በዚያ ሞድ ከአትክልቱ ጋር ይዋሐዳል። ይህን የሚያዘው «Blend Clipped Layers as Group» የሚለው ምርጫ ነው፤ በሌየር ስታይል ሰሌዳ ውስጥ ይገኛል፤ በራሱ እንደበራ ይመጣል። በዚህ የተነሳ መሠረቱ ላይ «Color Overlay» ያደረገ ሰው ከላይ ክሊፕ ያደረገው ፎቶ በሙሉ ተውጦ በአንድ ቀለም ተሸፍኖ ያገኘዋል። ያን ምርጫ አጥፍቶ አጠገቡ ያለውን «Blend Interior Effects as Group» ማብራት ፎቶውን ይመልሰዋል።

ታዲያ ማስክ እያለ ክሊፕ ለምን አስፈለገ? የሌየር ማስክም የተወሰነ ቦታ ብቻ እንዲታይ ያደርጋል። ልዩነቱ ቅርጹ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ለ«Curves» አንድ ማስክ፣ ለብርቱካናማው ሌላ፣ ለጠርዙ ቀለም ሦስተኛ ማስክ ቢሠራ የአንዲት ሴት ቅርጽ ሦስት ቅጂ ይኖረዋል። ነገ አንድ የጸጉር ዘለላ መጨመር ቢያስፈልግ ሦስቱም መታረም አለባቸው፤ አንዱ ከተረሳ እዚያ ላይ ጭረት ይወጣል። በክሊፕ ግን ቅርጹ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱ ሲታረም የላይኞቹ ሁሉ በራሳቸው ይከተላሉ። ማስክ የሚያስፈልገው አንዱ ሌየር ከዚያ ቅርጽ ውስጥ ደግሞ ጥቂቱን ብቻ እንዲነካ ሲፈለግ ነው። ለምሳሌ ብርቱካናማው መብራቱ ባለበት በግራ ጎኗ ብቻ እንዲቀር ከተፈለገ፣ ክሊፕ ሆኖ እያለ የራሱ ማስክ ይጨመርለታል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

በሌሎች ፕሮግራሞች ስሙና ቦታው ይለያያል። በአይፓድ ላይ ባለው ፕሮክሪኤት ሌየሩን ነክቶ «Clipping Mask» መምረጥ ነው። በስልክ በሚሠራበት አይቢስ ፔይንት «Clipping» ይባላል። በአፊኒቲ ፎቶ አንዱ ሌየር ተጎትቶ በሌላው ውስጥ ይገባል። ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልገው ነጻው ክሪታ ነው፤ እዚያ «Inherit Alpha» የሚለው ምልክት አልፋ የሚወርሰው ቀጥሎ ካለው አንድ ሌየር ሳይሆን በሥሩ ካሉት ሁሉ ድምር ነው። ከሥር ሙሉ የአትክልት ፎቶ ካለ ድምሩ በየቦታው መቶ ስለሆነ ምንም አይቆረጥም። ሴትየዋንና የላይ ሌየሮቿን መጀመሪያ በአንድ ግሩፕ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ያኔ ውርሱ ከግሩፑ አይወጣም። ጊምፕ ላይም በተመሳሳይ በግሩፕ ውስጥ የላይኛው ሌየር የኮምፖዚት ሞድ «Clip to backdrop» ይደረጋል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በመሠረቱ ጥራት ላይ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው ቀለም ከመጀመሩ በፊት መሠረቱን ይፈትሽ። ቀላሉ መፈተሻ በደማቅ ቀይ የተሞላ ሌየር ለሴትየዋ ክሊፕ ማድረግ ነው። በአንድ ጊዜ ቅርጿ በሙሉ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ሲቆረጥ ሳይጸዳ የቀረ ጥቂት አልፋ ያለው ጉድፍ እስካሁን አይታይ ይሆናል፤ አሁን በትከሻዋ ዙሪያ እንደ ቀይ ጭጋግ ይታያል። በቀሚሱ መካከል ባለማወቅ የተከፈተ ቀዳዳም አትክልቱን አሳልፎ ይታያል። ጠቅ ሲደረግ የሚሮጠው የምርጫ መስመር ይህን አያሳይም፤ መስመሩ የሚሣለው ከሃምሳ በመቶ በላይ የተመረጠውን ብቻ ከብቦ ነው።

ጭጋጉም ቀዳዳውም የሚታረሙት መሠረቱ ላይ፣ በማስኩ ነው፤ ቀዩ ሌየር እስከዚያ ድረስ በቦታው ይቆይ። የጸጉር ጫፎች ሲቆረጡ ተሰርዘው ከሆነም ከላይ በሚቀባ ቀለም አይመለሱም፤ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነውና። የሚመለሱት ማስኩን እንደገና ከፍቶ ከዋናው ፎቶ በመጥራት ብቻ ነው። ሴትየዋን በመሰረዣ የቆረጠ ሰው ያ ዕድል የለውም፤ በማስክ የቆረጠ ግን አለው።